ባለ 20 አምፔር ፓወር ከመግዛታችሁ በፊት

ጥያቄ፦ «ሰላም ጋሼ። ድሬዳዋ ነን፣ ሁለት ተማሪዎች። ለመመረቂያ የሮቦት እጅ እየሠራን ነው። አምስት ጣት፣ አንድ የእጅ አንጓ፣ ስድስት MG996R ሰርቮ። ጣቶቹን የሚስበው የናይለን ክር ነው። አንጎሉ ESP32 ነው፣ ለሰርቮዎቹ ሲግናል የሚያወጣው ደግሞ PCA9685 ቦርድ ነው። ትእዛዙ የሚመጣው ጓንት ላይ ካሰርናቸው ፍሌክስ ሴንሰሮች ነው። ፓወራችን 5 ቮልት 10 አምፔር ነው፣ ሁሉም በብሬድቦርድ ያልፋል። ጣት በጣት ሲሆን ይሠራል። የሃይላንድ ጠርሙስ በአምስቱም ሲጨብጥ ግን ESP32ው ሪስታርት ያደርጋል፣ አንዳንዴም መላልሶ። ጓንቱን ሳናንቀሳቅስም ጣቶቹ ይንቀጠቀጣሉ። 1000 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ጨመርን፣ ምንም። ባለ 20 አምፔር እንግዛ?»

ምላሽ፦

አትግዙ። ቢያንስ ገና አትግዙ። አሁን ባላችሁበት ሁኔታ ባለ 20ውም ያው ነው የሚሆነው። ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ።

መጀመሪያ ግን ሪስታርቱ በእርግጥ ከኃይል ማነስ መሆኑን አረጋግጡ። `setup()` ውስጥ፣ ሲሪያሉ ከተከፈተ በኋላ፣ ይህችን መስመር ጨምሩ፦

```cpp
Serial.println((int)esp_reset_reason());
```

ቁጥሩ 9 ከሆነ ቺፑ ራሱ «ቮልቴጅ ወረደብኝ» ብሎ ነው የተነሳው። 4 ወይም 6 ከሆነ ጥፋቱ ኮዳችሁ ውስጥ ነው፣ ይህን ሁሉ ማንበብም አያስፈልጋችሁም። 1 ከሆነ ደግሞ ኃይሉ ጭራሽ ጠፍቶ ነው የመጣው። ፓወሩ ራሱን ለመከላከል ሲያጠፋም ይኸው 1 ይታያል። የእናንተ 9 እንደሚሆን እገምታለሁ። ስክሪኑ ላይም `Brownout detector was triggered` የሚል ጽሑፍ አይታችሁ ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ምክር ያጋጥማችኋል፦ ቮልቴጅ መውረዱን የሚከታተለውን ይህን መቆጣጠሪያ በአንዲት መስመር ኮድ አጥፉት የሚል። አቦ ተውት! መቆጣጠሪያው ሲጠፋ ቮልቴጁ አይነሳም። ቺፑ በጎደለ ቮልቴጅ መሥራቱን ይቀጥልና የማይገባ ትእዛዝ ወደ ጣቶቹ ይልካል። ያኔ ስህተቱን መፈለግ ከአሁኑ ይብሳል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ሰርቮ በነፃ ሲዞር የሚጠጣው ትንሽ ነው። ተይዞ መዞር ሲያቅተው ነው የሚጠጣው፤ ስቶል የሚሉት እሱን ነው። MG996R በ6 ቮልት ስቶል ላይ 2.5 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ይህ ማለት የሞተሩ ሽቦ ወደ 2.4 ኦም ነው፣ በ5 ቮልት ደግሞ 2.1 አምፔር ገደማ ይሆናል። ጠርሙስ መጨበጥ ማለት አምስት ሰርቮ በአንዴ ስቶል ማድረግ ነው። ጣቱ ጠርሙሱ ላይ ይቆማል፣ ትእዛዙ ግን «ገና ዝጋ» ይላል። ሞተሩም በሙሉ አቅሙ እየገፋ ይቆያል። ጣት በጣት ስትሞክሩ የሚሠራውም ለዚህ ነው፤ ያኔ ስቶል የሚያደርገው አንድ ብቻ ነው።

አምስቱን ጎን ለጎን ስታስቡ 0.48 ኦም ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ያዙት፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ የሽቦው ኦም ከዚህ ጋር ነው የሚወዳደረው። የብሬድቦርድ ቀጭን ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ 28 ኤደብሊውጂ ነው፣ በሜትር 0.21 ኦም ገደማ። 20 ሳንቲሜትር መሄጃና 20 ሳንቲሜትር መመለሻ ሲደመር ወደ 0.09 ነው። ብሬድቦርዱ ውስጥ ያሉት መያዣዎች ደግሞ በየንክኪው ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። በአጠቃላይ 0.15 ኦም ብንል አላጋነንንም።

ስለዚህ፦

```
I = 5 / (0.48 + 0.15) = 7.9 A
V = 7.9 x 0.48 = 3.8 V
```

እዩት እንግዲህ። ፓወራችሁ 10 አምፔር መስጠት ይችላል፣ የተጠየቀው ግን 8 እንኳ አልሞላም። ችግሩ እዚያ አይደለም። 1.2 ቮልቱ መንገድ ላይ ሽቦው ውስጥ ቀልጧል። ሮቶው ቢተልቅም ጎማው ቀጭን ከሆነ ቧንቧው ጋ የሚደርሰው ያው ነው። ባለ 20 አምፔሩንም፣ ባለ 60ውንም በእነዚህ ሽቦዎች ብታገናኙት መልሱ 3.8 ነው። ጠርሙሱን እንዳስጨበጣችሁ ቀይና ጥቁሩን ሽቦ በጣታችሁ ንኩት። ከሞቀ መልሱን አገኛችሁ። ብዙ አታቆዩት ታዲያ፤ ቀጭን ሽቦ 8 አምፔር ለመሸከም አልተሠራም፣ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።

ESP32ውም ከዚሁ ብሬድቦርድ ነው የሚጠጣው። ቦርዱ ላይ 5 ቮልቱን ወደ 3.3 የምታወርድ ትንሽ ሬጉሌተር አለች። ብዙዎቹ ቦርዶች ላይ ያለችው ዓይነት ለራሷ 1.1 ቮልት ያህል ትፈልጋለች። 3.8 ሲገባላት 2.7 ነው የምታወጣው። ቺፑ ጫፍ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ዋይፋይ ወይም ብሉቱዝ በዚያች ቅጽበት ትንሽ ከሳበ፣ ወይም ስድስተኛው የአንጓ ሰርቮ ከተነሳ፣ አለቀ።

መላልሶ የሚነሳበትም ምክንያት አለው። ESP32ው እንደተነሳ `setup()` ውስጥ ጣቶቹን ሁሉ «ክፈት» ትላላችሁ፣ አይደል? ሰርቮ ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ የሚጠጣው ከስቶል ጋር ተቀራራቢ ነው። ስድስቱ አንድ ላይ ሲነሱ ቮልቴጁ እንደገና ይወርዳል፣ ቺፑም እንደገና ይወድቃል። ሲነሳም ያንኑ ትእዛዝ ይደግማል።

ካፓሲተሩ ለምን እንዳልረዳችሁም በዚሁ ይገባችኋል። 5 አምፔር ጎደሎ በግማሽ ቮልት መውረድ ብቻ ለመሸፈን ሲፈለግ፣ 1000 ማይክሮፋራድ የሚቆየው 0.1 ሚሊሰከንድ ነው። ጣቶቹ ጠርሙሱን የሚይዙት ግን ለሰከንዶች ነው። ለ50 ሚሊሰከንድ እንኳ ለመሸፈን 500,000 ማይክሮፋራድ ያስፈልግ ነበር። ካፓሲተሩን አታውጡት፣ ለፈጣን ጫጫታ ይጠቅማል። ቦታው ግን ሰርቮዎቹ አጠገብ ነው። ከሱም ብዙ አትጠብቁ።

ማስተካከያው የሚጀምረው ብሬድቦርዱን ከኃይሉ መንገድ በማውጣት ነው። ብሬድቦርድ ለሲግናል ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ለመብራት መስመር የሚሸጠውን ባለ 1.5 ስኩዌር የመዳብ ሽቦ ግዙ፣ ባለብዙ ክር የሆነው ይሻላል፣ እጁ ሲንቀሳቀስ አይሰበርም። ይህ ሽቦ በሜትር 0.0115 ኦም ነው። ከፓወሩ ቡሎን ወደ ክንዱ 30 ሳንቲሜትር ቀይ፣ 30 ሳንቲሜትር ጥቁር ውሰዱ። እዚያ ሁለት ወፍራም የመዳብ መስመር በስታኞ በይዳችሁ፣ የስድስቱን ሰርቮ ቀይና ጥቁር በቀጥታ እነሱ ላይ እሰሩ። ከPCA9685 ወደ ሰርቮ የሚሄደው የሲግናል ሽቦው ብቻ ይሁን። ቦርዱ ላይ V+ የሚል ማስገቢያ አለ፣ እሱን መጠቀምም ይቻላል። ግን 10 አምፔር ባልታወቀ ውፍረት ባለ የቦርድ መስመር ላይ ማሳለፍ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ESP32ውን ከዚህ ሁሉ አውጡት። በዩኤስቢ ከስልክ ቻርጀር ይጠጣ። ቻርጀሩን ስትሰኩ ከሰርቮው ፓወር ወደ VIN የሚሄደውን ሽቦ መንቀል አትርሱ፣ ሁለት ምንጭ አንድ ቦታ መግባት የለበትም። GND ግን የጋራ ነው፣ ያለ እሱ ሲግናሉ ትርጉም የለውም። የESP32ው GND ወደ PCA9685 GND፣ የPCA9685 GND ደግሞ በአንድ አጭር ሽቦ ወደ ጥቁሩ ወፍራም መስመር። በቃ። ዋናው ነገር የሰርቮ አምፔር በዚያች ትንሽ የGND ሽቦ ውስጥ አለማለፉ ነው።

ይህ GND ጉዳይ ከመንቀጥቀጡም ጋር ይያያዛል። በድሮው አሠራራችሁ ከጠፋው 1.2 ቮልት ግማሹ የጠፋው በጥቁሩ ሽቦ ላይ ነው። ማለትም ሰርቮው «ዜሮ» የሚለው ቦታ ESP32ው ዜሮ ከሚለው በ0.6 ቮልት ሊለይ ይችላል። ሲግናሉ 3.3 ቮልት ብቻ ነው። ሞተር በተነሳ ቁጥር ዜሮው ሲዘል፣ ሰርቮው የፐልሱን መነሻና መድረሻ ይስታል። አንዳንዶች መፍትሔው የPCA9685ን VCC ወደ 5 ቮልት ማሳደግ ነው ይላሉ። አታድርጉት። ቦርዱ ላይ ያሉት የአይቱሲ ሬዚስተሮች ያን 5 ቮልት ወደ ESP32 እግሮች ይወስዱታል፣ እነሱ ደግሞ ለ3.3 የተሠሩ ናቸው። VCC 3.3 ላይ ይቆይ፣ ግራውንዱን አስተካክሉ።

አሠራሩ መስተካከሉን በተራ መልቲሜትር ማወቅ ትችላላችሁ። መልቲሜትር ለሚሊሰከንድ የሚሆነውን መውረድ አያይም፣ ስለዚህ ጠርሙሱን አስጨብጣችሁ ሁለት ሦስት ሰከንድ ያዙት። ጥቁሩን ጫፍ ሰርቮዎቹ የታሰሩበት ጥቁር መስመር ላይ፣ ቀዩን ESP32ው GND ላይ አድርጉ። ከ0.05 ቮልት በታች መሆን አለበት። ከዚያ ሰርቮዎቹ ጋ ቀይና ጥቁሩ መሀል ለኩ፣ ወዲያው ደግሞ ፓወሩ ቡሎን ላይ ለኩ። የሁለቱ ልዩነት ሽቦው የበላው ነው። ሽቦውን ሳትቀይሩም በፊት አንዴ ለኩትና ቁጥሩን ጻፉት፤ ለመመረቂያ ሪፖርታችሁም ጥሩ ሠንጠረዥ ይወጣዋል።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። ወፍራም ሽቦ ስታስገቡ ስሌቱ ይቀየራል። መንገዱ 0.01 ኦም ከሆነ አምስቱ ስቶል ሲያደርጉ 10.2 አምፔር ይጠጣሉ። ቀጭኑ ሽቦ ሳታውቁት ፓወሩን ሲከላከልላችሁ ነበር! አሁን ባለ 10 አምፔሩ ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ ምናልባትም ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ ቀጣዩ ሥራ አምስቱ አንድ ላይ ለረጅም ጊዜ ስቶል እንዳያደርጉ ማድረግ ነው።

የሚሻለው መንገድ ሜካኒካል ነው። በየክሩ መሀል ጠንከር ያለ ስፕሪንግ አስገቡ። ጣቱ ጠርሙሱ ላይ ሲቆም ስፕሪንጉ ይለጠጣል፣ ሰርቮው ግን የታዘዘው ቦታ ላይ ይደርሳል። ከደረሰ የሚጠጣው ስፕሪንጉን ለመያዝ የሚበቃውን ብቻ ነው። የጨበጣው ጉልበትም በስፕሪንጉ ይወሰናል፣ ጠርሙሱንም አትጨፈልቁትም። ስፕሪንግ ካልተመቻችሁ በኮድ አድርጉት፦ ጣቱ ከተዘጋ ከግማሽ ሰከንድ በኋላ ሞተሩ መግፋቱን እስኪተው ድረስ ትእዛዙን ትንሽ በትንሽ ወደ ኋላ መልሱት። የMG996R ጊር ሰበቃ ስላለው መያዙን ቶሎ አይለቅም። ስንት መመለስ እንዳለበት ጣት በጣት እየሞከራችሁ ነው የምታገኙት።

የድሬ ሙቀት እዚህ ጋ ነው የሚመጣው። ሪስታርቱን ሙቀቱ አላመጣውም። ግን በቀን ሙቀት ስቶል ላይ የተያዘ ሰርቮ ቶሎ ይቃጠላል፣ በዝግ ሳጥን ውስጥ የተቀመጠ ፓወርም የተጻፈበትን አምፔር አይሰጥም። ማሳያው ቀን እኩለ ቀን ላይ ከሆነ ሳጥኑን ክፈቱት።

ወደ መንቀጥቀጡ እንመለስ። ግራውንዱ ከተስተካከለ በኋላም ከቀጠለ፣ ጓንቱን ንቀሉና ለሁሉም ጣት ቋሚ 1500 ማይክሮሰከንድ ላኩ። ዝም ካለ ጥፋተኛው ጓንቱ ነው። እኔ የምጠረጥረውም እሱን ነው። የESP32 አናሎግ ንባብ ሴንሰሩ ሳይነቃነቅ እንኳ ወዲያ ወዲህ ይላል። ቁጥሩ በተለወጠ ቁጥር አዲስ ቦታ ትልካላችሁ፣ ሰርቮውም ይታዘዛል። PCA9685 በ50 ኸርዝ አንድ እርምጃው 4.88 ማይክሮሰከንድ ነው። MG996R ደግሞ ችላ የሚለው ልዩነት 5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው። ሁለት እርምጃ ከዘለላችሁ ሰርቮው ይነቃል። ማጣሪያው ቀላል ነው፣ ለውጡ ትንሽ ከሆነ ጭራሽ አትላኩ፦

```cpp
int sent[6];
void sendFinger(int ch, int us) {
  if (abs(us - sent[ch]) < 12) return;
  sent[ch] = us;
  int w = us * 4096L / 20000;
  int on = ch * 600;
  pwm.setPWM(ch, on, on + w);
}
```

12 ማይክሮሰከንድ አንድ ዲግሪ ገደማ ነው፣ ለጣት አይታይም። ሴንሰሩንም አንዴ አንብባችሁ አትላኩ፣ ብዙ ንባብ ወስዳችሁ አማካዩን ላኩ። ሴንሰሮቹን ከ32 እስከ 39 ባሉት እግሮች ላይ አድርጓቸው፤ ዋይፋይ ሲበራ ሌሎቹ የአናሎግ እግሮች አይነበቡም።

ኮዱ ውስጥ `ch * 600` ያልኩት ሌላ ሥራ ነው። ብዙ ሰው `setPWM(ch, 0, w)` ብሎ ይጽፋል። ያኔ የስድስቱም ፐልስ በአንድ ቅጽበት ይጀምራል። 4096ቱን እርምጃ በ600 ስትከፋፍሉት እያንዳንዱ ጣት ከፊተኛው 2.9 ሚሊሰከንድ ዘግይቶ ይጀምራል፣ ረጅሙ ፐልስ ደግሞ 2.4 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ አይደራረቡም። ሰርቮው የሚያየው የፐልሱን ርዝመት እንጂ መነሻውን ስላልሆነ ቦታው አይለወጥም። ይህ ጣቶቹ ቆመው ትንሽ ትንሽ ሲያስተካክሉ ያለውን የኃይል ጡጫ ይበትናል። ትልቅ እንቅስቃሴ ላይ ግን ሞተሩ ያለማቋረጥ ስለሚበራ አይረዳም፤ እዚያ የሚረዳው ጣቶቹን ራሳቸውን ማዘግየት ነው። ለ`setup()`ም እንዲሁ አድርጉ፦

```cpp
for (int ch = 0; ch < 6; ch++) {
  sendFinger(ch, openUs[ch]);
  delay(250);
}
```

ስትጨብጡ ደግሞ በጣቶቹ መሀል ከ60 እስከ 80 ሚሊሰከንድ ይበቃል። ለዓይን አንድ ላይ የተዘጉ ነው የሚመስሉት፣ እንዲያውም የሰው እጅ ይመስላል።

በቋሚ 1500 ዝም ብሎ፣ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት ወይም ሲዘጋ ብቻ የሚያጉረመርም ጣት ካለ፣ ያ መንቀጥቀጥ አይደለም። ሰርቮው ከመጨረሻው አልፎ እየገፋ ነው። ይህ የሚመጣው PCA9685 ውስጥ ያለው ሰዓት ልክ 25 ሜጋኸርዝ ስለማይሆን ነው። እናንተ 2000 ስትሉ 2100 ሊወጣ ይችላል። ኦሲሎስኮፕ ካገኛችሁ ፐልሱን ለኩና በ`setOscillatorFrequency()` አስተካክሉ። ካላገኛችሁ የክፈትና የዝጋ ቁጥሩን ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ በ20 በ20 ወደ መሀል አምጡት። ያን ጊዜ የማትፈልጉት ስቶልም አብሮ ይቀራል።

ይህን ሁሉ ጨርሳችሁ፣ ጠርሙሱ በተጨበጠበት ፓወሩ ቡሎን ላይ ስትለኩ እዚያው 4.7 ወይም ከዚያ በታች ካነበባችሁ፣ አሁን ፓወሩ ነው ያነሰው። ያኔ ግዙ። አዲስ የሮቦት ፓወር ፍለጋ አትድከሙ። በየሱቁ በር ላይ ጽሑፍ የሚያሯሩጡት የኤልኢዲ ሰሌዳዎች ውስጥ ያለው ባለ 5 ቮልት 40 አምፔር ፓወር ነው የሚሆናችሁ። ታይዋን ገበያ የሰሌዳ ዕቃ የሚሸጡ ወይም የሚጠግኑ ሰዎችን ጠይቁ። ስትገዙ ጎኑ ላይ 110 እና 220 የሚመርጥ ማብሪያ ካለ 220 ላይ መሆኑን ሳታዩ እንዳትሰኩ። የ220 ቡሎኖቹም ክፍት ስለሆኑ ሽፋን ሥሩላቸው። ባለ 40 አምፔር ፓወር በቀጭን ሽቦ ሾርት ሲሆን ሳይጠፋ ሽቦውን ሊያነድ ይችላል። ከባጃጅ መለዋወጫ ሱቅ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ከነመያዣው ግዙና በቀዩ ሽቦ ላይ፣ ፓወሩ አጠገብ አስገቡት።